አንድም ቁጥር ያልተጻፈበት እንቆቅልሽ

ከዚህ በታች ያለው ሰንጠረዥ 25 ባዶ ሳጥኖች አሉት። አንዳቸውም ውስጥ ቁጥር አልተጻፈም። በአንዳንዶቹ መካከል ግን ከትምህርት ቤት የምናውቃቸው የ«ይበልጣል» እና የ«ያንሳል» ምልክቶች ገብተዋል። ሕጉ አጭር ነው። በእያንዳንዱ ረድፍና በእያንዳንዱ ዓምድ ከ1 እስከ 5 ያሉት ቁጥሮች አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ይገባሉ፤ ምልክት ባለበት ቦታ ደግሞ በሹሉ ጫፍ በኩል ያለው ሳጥን ያነሰውን ቁጥር፣ በተከፈተው በኩል ያለው የበለጠውን ይይዛል።

```
_ < _ < _ < _   _
v
_   _ < _ > _   _
    ^
_ > _   _ > _ < _
        v
_   _   _   _   _
v       v
_   _   _   _   _
```

የዚህ ዓይነቱ እንቆቅልሽ ፉቶሺኪ ይባላል። በ2001 እ.ኤ.አ. ታማኪ ሴቶ በተባለ ጃፓናዊ እንደተፈጠረ ይነገርለታል፤ ኋላም በእንግሊዝ ጋዜጦች ላይ ከሱዶኩ ጎን ቦታ አግኝቷል። ብዙዎቹ የሚታተሙት ሰንጠረዦች ለመነሻ የሚሆኑ ጥቂት ቁጥሮች ተሰጥተውባቸው ነው። ይህኛውን ያለ ምንም ቁጥር ያዘጋጀሁት ሥራውን ሁሉ ምልክቶቹ ብቻ ሲሠሩት እንድናይ ነው። በሕጉ መሠረት ባለ 5 በ5 ሰንጠረዥን መሙላት የሚቻልባቸው መንገዶች 161,280 ናቸው። እነዚህ 13 ምልክቶች ከዚያ ሁሉ መካከል አንዷን ብቻ ያስቀራሉ።

ሱዶኩ የለመደ ሰው እዚህ ሲመጣ መጀመሪያ የሚቸገረው መነሻ በማጣት ነው። ሱዶኩ ላይ የተሰጡትን ቁጥሮች ይዞ «ይህ ቁጥር የት ይገባል?» እያለ ይሄዳል። እዚህ የሚይዘው ቁጥር የለም። ስለዚህ ጥያቄው መለወጥ አለበት፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው ቁጥር ስንት ነው ከማለት በፊት ከስንት አያንስም፣ ከስንትስ አይበልጥም ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያውን ወለል፣ ሁለተኛውን ጣሪያ እንበላቸው። መጀመሪያ ላይ የሁሉም ሳጥን ወለል 1፣ ጣሪያው 5 ነው። አፈታቱ በሙሉ ወለሎችን ከፍ፣ ጣሪያዎችን ዝቅ እያደረጉ ሁለቱ እስኪገጣጠሙ ድረስ መሄድ ነው።

ሳጥኖቹን ለመጥራት እንዲመቸን ዓምዶቹን ከግራ ወደ ቀኝ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እንበላቸው፤ ረድፎቹን ከላይ ወደ ታች ከ1 እስከ 5 እንቁጠራቸው። በግራ ጥግ ከላይ ያለው ሳጥን ሀ1 ነው፤ በቀኝ ጥግ ከታች ያለው ሠ5።

የመጀመሪያውን ረድፍ እንመልከት። ሀ1 ከለ1 ያንሳል፣ ለ1 ከሐ1 ያንሳል፣ ሐ1 ከመ1 ያንሳል። አራት ሳጥኖች በአንድ ሰንሰለት ተያይዘዋል። ከትንሹ ጫፍ እንነሳ። የሀ1 ወለል 1 ነው። ለ1 ከእሱ ስለሚበልጥ ከ2 አያንስም፤ ሐ1 ከለ1 ስለሚበልጥ ከ3 አያንስም፤ መ1 በዚሁ ስሌት ከ4 አያንስም። አሁን ደግሞ ከትልቁ ጫፍ እንመለስ። የመ1 ጣሪያ 5 ነው፤ ስለዚህ የሐ1 ጣሪያ 4፣ የለ1 ጣሪያ 3፣ የሀ1 ጣሪያ 2 ይሆናል። ወለል ከትንሹ ወደ ትልቁ ይወጣል፣ ጣሪያ ከትልቁ ወደ ትንሹ ይወርዳል። ሁለቱንም ጉዞ ስንጨርስ ሀ1 ወይ 1 ወይ 2፣ ለ1 ወይ 2 ወይ 3፣ ሐ1 ወይ 3 ወይ 4፣ መ1 ወይ 4 ወይ 5 ነው።

ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። እያንዳንዱን ምልክት ለብቻው ያነብና መ1 ከአንድ ሳጥን ስለሚበልጥ «ከ2 አያንስም» ብሎ ያልፈዋል። ያለው ነገር ሐሰት አይደለም፤ ግን ደካማ ነው፤ ምክንያቱም መ1 የሚበልጠው ሐ1 ራሱ ሌሎች ሁለት ሳጥኖችን ተሸክሟል። ወለሉ ሰንሰለቱ እስከሚያልቅበት ድረስ መጓዝ አለበት።

ሰንሰለት ምን ያህል እንደሚያጠብ አስቀድሞ ማወቅም ይቻላል። የሰንጠረዡ ስፋት n፣ የሰንሰለቱ ርዝመት k ከሆነ፣ በሰንሰለቱ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሳጥን በወለሉና በጣሪያው መካከል ያለው ልዩነት n − k ነው። በእኛ ረድፍ 5 − 4 = 1 ነው፤ ለዚህ ነው ሁሉም ሳጥን ሁለት ሁለት ምርጫ ብቻ የቀረው። ያው ባለ አራት ሳጥን ሰንሰለት በ9 በ9 ሰንጠረዥ ላይ ቢሆን ልዩነቱ 5 ይሆናል፤ እያንዳንዱ ሳጥን ስድስት ስድስት ምርጫ ይቀረዋል ማለት ነው። ስለዚህ ትልቅ ሰንጠረዥ ላይ አጭር ሰንሰለት ብዙም አይጠቅምም፤ ዓይን መጀመሪያ ማረፍ ያለበት ረጅሙ ላይ ነው።

አሁን ከሀ1 በታች ያለችውን አንዲት ምልክት እንያት። ሀ1 ከሀ2 ይበልጣል ትላለች። ለብቻዋ ስትታይ ከቁብ የምትቆጠር አይደለችም። ነገር ግን ሀ1 ከሌላ ሳጥን የሚበልጥ ከሆነ 1 ሊሆን አይችልም፤ ወለሉ 2 ሆነ። ጣሪያውም 2 ነበርና ሀ1 = 2። ወለሉ ከፍ ሲል ወሬው በሰንሰለቱ ይሄዳል፤ ለ1 ከ2 ስለሚበልጥ 3፣ ሐ1 4፣ መ1 5 ሆነ። በረድፉ የቀረው 1 በሠ1 ይገባል። ሀ2ም ከ2 ስለሚያንስ 1 ነው። አምስት ቁጥሮችን በአንድ ረድፍ መደርደር የሚቻልባቸው መንገዶች 120 ናቸው፤ ሰንሰለቱ ወደ 5 አወረዳቸው፣ ከሌላ ረድፍ ጋር የምታገናኘው አንዲት ምልክት ደግሞ ወደ 1።

ሁለተኛው ረድፍ ሌላ ነገር ያስተምራል። ሐ2 ከግራው ከለ2 ይበልጣል፣ ከቀኙ ከመ2ም ይበልጣል። እዚህ ሰንሰለት የለም፤ ለ2 እና መ2 በምልክት አልተያያዙም። ምልክቶቹን ብቻ ካነበብን የሐ2 ወለል 2 ነው። ነገር ግን ሦስቱም በአንድ ረድፍ ላይ ስላሉ ለ2 እና መ2 እኩል ሊሆኑ አይችሉም። ሐ2 የሚበልጠው ሁለት የተለያዩ ቁጥሮችን ነውና ከ3 አያንስም። ይህም ብቻ አይደለም፤ የዚህ ረድፍ 1 ሀ2 ላይ ተቀምጧል። ስለዚህ ከሐ2 በታች የሆኑት ሁለቱ ቢያንሱ ቢያንሱ 2 እና 3 ናቸው፤ የሐ2 ወለል 4 ሆነ። 4 ደግሞ በዚያው ዓምድ ሐ1 ላይ አለ። ሐ2 = 5።

ይህ በረድፍ ውስጥ ያለ ሹካ ከሰንሰለት እኩል ጉልበት አለው። በረድፍና በዓምድ መካከል ያለ ሹካ ግን የለውም፤ የብዙ ሰው ሰንጠረዥ የሚበላሸውም እነዚህን ሁለቱን በማምታታት ነው። ሐ3ን እንይ፤ ከቀኙ ከመ3 ይበልጣል፣ ከታቹ ከሐ4ም ይበልጣል። «ከሁለት ሳጥን ስለሚበልጥ ከ3 አያንስም» ማለት ይቀናል። ግን መ3 እና ሐ4 በአንድ ረድፍም በአንድ ዓምድም አይደሉም፤ ሁለቱም 1 ሊሆኑ ይችላሉ። ሹካው የሚሰጠው ወለል 2 ብቻ ነው። በእርግጥ የሐ3 ወለል 3 መሆኑ እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። ሐ4 ከሐ5 ስለሚበልጥ ሐ3፣ ሐ4 እና ሐ5 ባለ ሦስት ሳጥን ሰንሰለት ይሠራሉ። በተሳሳተ ምክንያት ትክክለኛ መልስ ያገኘ ሰው በሚቀጥለው ሰንጠረዥ ላይ ያንኑ ምክንያት ይዞ ይገባል፤ ሰንሰለቱ ግን እዚያ ላይኖር ይችላል።

እንዲህ ያለ ስህተት ወዲያው አይታይም፤ ራሱን የሚያጋልጠው ወለል ጣሪያውን ሲያልፍ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው በስህተት የሀ1ን ወለል 3 ቢያደርገው፣ ለ1 ከ4፣ ሐ1 ከ5፣ መ1 ከ6 አያንሱም ማለት ይሆናል። 6 የሚባል ቁጥር እዚህ የለም። ቀውሱ የተገለጠው መ1 ላይ ቢሆንም ጥፋቱ ያለው ሦስት ሳጥን ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ወለልና ጣሪያ ሲተላለፉ ያንን ሳጥን መሰረዝ ብቻ አይበቃም፤ ወለሉ የመጣበትን መንገድ ተከትሎ እስከ ምንጩ መመለስ ያስፈልጋል። በዚህ ምክንያት ወለሉን በሳጥኑ ግራ ጥግ፣ ጣሪያውን በቀኝ ጥግ በእርሳስ በትንሹ መጻፍን አጥብቄ እመክራለሁ። በጭንቅላት ብቻ የተያዘ ወለል ከየት እንደመጣ ይረሳል።

ወደ ሥራችን እንመለስ። በሁለተኛው ረድፍ 1 እና 5 ተቀምጠዋል። ለ2 ከ2፣ ከ3 እና ከ4 አንዱ ነው፤ 3 ግን ለ1 ላይ ስላለ ወይ 2 ወይ 4 ነው። ከሥሩ ያለችው ምልክት ለ2 ከለ3 እንደሚያንስ ትነግረናለች። የለ2 ወለል 2 ስለሆነ የለ3 ወለል 3 ነው። ነገር ግን 3 ከዚህ ዓምድ ወጥቷል፤ ወለሉ አንድ ደረጃ ወጥቶ 4 ላይ ያርፋል። በሌላ በኩል ሀ3 ከለ3 ይበልጣልና ለ3 ከ4 አይበልጥም። ወለሉም ጣሪያውም 4። ለ3 = 4፤ ከእሱ የሚበልጠው ሀ3 = 5፤ ከእሱ የሚያንሰው ለ2 = 2።

እዚህ ላይ የተደረገውን ልብ እንበል። ሦስት ሳጥኖች በአንድ ጊዜ የተፈቱት ወለሉ ከላይ በዓምዱ፣ ጣሪያው ከጎን በረድፉ መጥተው አንድ ሳጥን ላይ ስለተገናኙ ነው። አንድ ሳጥን በተለወጠ ቁጥር ሰንጠረዡን ከመጀመሪያው ጀምሮ መቃኘት አያስፈልግም፤ ከእሱ ጋር በምልክት የተያያዙትን፣ በረድፉ ያሉትንና በዓምዱ ያሉትን ብቻ ጎብኝቶ የተለወጠ ካለ ከዚያ መቀጠል ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ባለሙያው አለን ማክወርዝ በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተመውና AC-3 የተባለው ስልት በመሠረቱ እንዲህ ይሠራል። ዳግም መታየት ያለባቸውን ግንኙነቶች በወረፋ ይይዛል፤ ወረፋው ባዶ ሲሆን ያቆማል። ማቆሙም የተረጋገጠ ነው፤ ምርጫዎች ይቀንሳሉ እንጂ አይጨምሩም።

ሦስተኛው ረድፍ አሁን 5 እና 4 ይዟል፤ ለሐ3፣ ለመ3 እና ለሠ3 የቀሩት 1፣ 2 እና 3 ናቸው። መ3 ከሁለቱም ጎረቤቶቹ ያንሳል። ይህ ቅድም ሐ2 ላይ ያየነው ሹካ ተገልብጦ ነው፤ ከሁለት የተለያዩ ቁጥሮች የሚያንስ ከሆነ ከሦስቱ ትንሹ እሱ ነው። መ3 = 1። በሐ ዓምድ ደግሞ ከላይ 4 እና 5 ስላሉ ከታች የሚቀሩት 1፣ 2 እና 3 ናቸው፤ እነሱም በሰንሰለት ታስረዋል። ሦስት ቁጥር ለሦስት ሳጥን ሰንሰለት፤ ልዩነቱ ዜሮ ነው። ሐ3 = 3፣ ሐ4 = 2፣ ሐ5 = 1። በሦስተኛው ረድፍ የቀረው ሠ3 = 2።

የወለልና የጣሪያ ዘዴ የት ላይ እንደሚያንስ ለማየት የለ ዓምድን መመልከት ይበቃል። ለ1፣ ለ2 እና ለ3 በቅደም ተከተል 3፣ 2 እና 4 ይዘዋል። ለ4 እና ለ5 ወይ 1 ወይ 5 ናቸው። ይህን በወለልና በጣሪያ ብንጽፈው «ከ1 እስከ 5» ይሆናል። መጀመሪያ ላይ ምንም ሳናውቅ የጻፍነውም ይኸው ነበር። ሁለት ምርጫ ብቻ የቀረው ሳጥን አምስት ምርጫ ያለው ይመስላል፤ መሃሉ ባዶ መሆኑን ወለልና ጣሪያ አያሳዩምና። ስለዚህ ለምልክቶች ወለልና ጣሪያ፣ ላለመደጋገም ሕግ ደግሞ የቀሩትን ቁጥሮች ዝርዝር መያዝ ይሻላል። እኔ ሳጥኑ ከሦስት የማይበልጥ ምርጫ ሲቀረው ከወለልና ጣሪያ ወደ ዝርዝር እለውጠዋለሁ። እዚህ ሐ5 1 ስለሆነ በዚያው ረድፍ ያለው ለ5 1 መሆን አይችልም፤ ለ5 = 5፣ ለ4 = 1።

ቀጥሎ ያሉትን ሁለት እርምጃዎች ምልክት አይሰጠንም፤ የሱዶኩ ሰው የለመደው ጥያቄ ነው የሚሰጠን። በመ ዓምድ 2 የት ይገባል? መ2 ላይ አይሆንም፣ በረድፉ ለ2 ይዞታል፤ መ4 ላይም አይሆንም፣ ሐ4 ይዞታል። መ5 = 2። በአራተኛው ረድፍ 5 የት ይገባል? በሀ ዓምድ ሀ3፣ በመ ዓምድ መ1 ይዘውታል። ሠ4 = 5።

አሁን ስድስት ሳጥኖች ቀርተዋል፤ መ2፣ ሠ2፣ ሀ4፣ መ4፣ ሀ5 እና ሠ5። ሁሉም ወይ 3 ወይ 4 ናቸው። ከመ2 ተነስተን በረድፉ ወደ ሠ2፣ በዓምዱ ወደ ሠ5፣ በረድፉ ወደ ሀ5፣ በዓምዱ ወደ ሀ4፣ በረድፉ ወደ መ4፣ በዓምዱ ወደ መ2 ብንሄድ ክቡን ዘግተን እንመለሳለን። መ2ን 3 ብናደርገው ሌሎቹ 4፣ 3፣ 4፣ 3፣ 4 እየተፈራረቁ ይሞላሉ፤ 4 ብናደርገውም በተቃራኒው እንደዚያው ይሞላሉ። በረድፍና በዓምድ ሕግ ሁለቱም ልክ ናቸው። የተዘጋ ክብ ውስጥ ሁሉም ሳጥን ሁለት ተመሳሳይ ቁጥሮችን ከያዘ፣ ከእነሱ አንዱን የሚነካ ምልክት ወይም የተሰጠ ቁጥር ከሌለ እንቆቅልሹ ሁለት መልስ አለው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ ፈቺው ምንም ያህል ቢያስብ አንዱን ሊመርጥ አይችልም፤ ጥፋቱ የአዘጋጁ ነው። እኛ ግን እስካሁን ያልነካናት አንዲት ምልክት አለችን። ሀ4 ከሀ5 ይበልጣል። ሀ4 = 4፣ ሀ5 = 3፤ ከዚያ መ4 = 3፣ መ2 = 4፣ ሠ2 = 3፣ ሠ5 = 4።

```
2 < 3 < 4 < 5   1
v
1   2 < 5 > 4   3
    ^
5 > 4   3 > 1 < 2
        v
4   1   2   3   5
v       v
3   5   1   2   4
```

ሲያልቅ ማረጋገጫው ሁለት ዙር ነው። መጀመሪያ እያንዳንዱ ረድፍና ዓምድ አምስቱንም ቁጥሮች መያዙን፣ ቀጥሎ 13ቱን ምልክቶች አንድ በአንድ ማየት። ሁለተኛውን ዙር የሚዘሉ ብዙ ናቸው፤ በቁጥር የተሞላ ሰንጠረዥ ትክክል ይመስላልና። በተለይ ቁመት ያላቸው ምልክቶች፣ ማለትም በረድፎች መካከል የተቀመጡት፣ ዓይን ቶሎ የሚያመልጣቸው እነሱ ናቸው።

ከ13ቱ ምልክቶች ሁሉም የግድ አስፈላጊ አይደሉም። የመጨረሻዋን፣ ሀ4ን ከሀ5 ጋር የምታገናኘውን፣ ብናጠፋት መልሱ ሁለት ይሆናል። በሦስተኛው ረድፍ መ3ን ከግራና ከቀኝ የያዙትን ሁለቱን ግን ብናጠፋቸው መልሱ ያው አንድ ነው። የሐ ዓምድ ሰንሰለት ብቻውን ሐ3ን 3 ያደርገዋል፤ ለመ3 እና ለሠ3 1 እና 2 ይቀራሉ፤ 1 በሠ ዓምድ ከላይ ሠ1 ላይ ስላለ ሠ3 = 2፣ መ3 = 1 ይሆናል። ያስቀመጥኳቸው ሰንሰለቱን ያላየ ሰው በሹካው በኩል የሚገባበት ሁለተኛ በር እንዲያገኝ ነው። ሁለቱን አጥፍቶ በ11 ምልክት እንደገና መሞከር የሚፈልግ ሰው ከሁለተኛው ረድፍ በኋላ ቀጥታ ወደ ሐ ዓምድ መውረድ ይችላል፤ ሦስተኛው ረድፍ ግን እስከዚያ ድረስ ከሀ3 እና ከለ3 ሌላ ምንም አይነግረውም።